እንኳን ደስ አለሽ ብሎ ማሽኮርመም

«እንኳን ደስ አለሽ» የሚለውን አነጋገር ቀረብ ብለን ብናየው፣ ደስታው የተናጋሪው ሳይሆን የሰሚዋ ነው። ተናጋሪው የሚለው «አንቺ ደስ ስላለሽ መልካም ሆነ» ነው። ሐረር ላይ በየሰፈሩ የሚሰማው የኦሮምኛው «ባጋ ገመዴ»ም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው፤ እሱም የሚናገረው ስለ ሰሚው ደስታ ነው። በሁለቱም ቋንቋ «እኔ» የሚባል ቃል ቦታ አላገኘም። ማሽኮርመም ግን ያለ «እኔ» አይሆንም፤ ዞሮ ዞሮ «እኔም እዚህ አለሁ» ማለት ነውና። ለተመረቀች፣ የደረጃ እድገት ላገኘች ወይም የመመረቂያ ጽሑፏን ላስረከበች ሴት የሚጻፍ የሚያሽኮረምም መልእክት አስቸጋሪነቱም እዚህ ላይ ነው፤ በሌላ ሰው ደስታ መሐል ራስን ማስገባት። በዚህ ምዕራፍ የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። ማሽኮርመሚያዋ ሐረግ ብትወጣም እንኳን ቀሪው መልእክት ሙሉ የደስታ መግለጫ ሆኖ መቆም አለበት። ካልቆመ፣ ደስታዋ ለእኛ ጉዳይ ሰበብ ሆኗል ማለት ነው።

ሙሉ የደስታ መግለጫ ምን እንደሆነ በጥናት የታየ ነገር አለ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሼሊ ጌብልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው የደረሰለትን መልካም ነገር ሲያወራ ከፍቅረኛው የሚያገኘውን ምላሽ በአራት ከፍለው አይተውታል። አንዱ ምላሽ ደስታውን ተቀብሎ፣ ጠይቆና አስወርቶ የሚያሰፋው ነው። ሌላው «ጥሩ ነው» ብሎ ዝም ይላል። ሦስተኛው እንከን ይፈልጋል፤ አራተኛው ወሬውን ወደ ሌላ ጉዳይ ያዞራል። ከጥሩ ግንኙነት ጋር አብሮ የተገኘው የመጀመሪያው ብቻ ነበር። ቀዝቃዛው «ጥሩ ነው» ክፋት ባይኖርበትም ከተቀሩት ወገን ተመድቧል። ካረን ሁዋንግና ባልደረቦቿ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ለትውውቅ በተዘጋጁ አጫጭር ውይይቶች ላይ፣ የሰሙትን ተከትለው ተጨማሪ ጥያቄ የጠየቁ ሰዎች ለሁለተኛ ቀጠሮ «እሺ» የመባል ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይተዋል። ከሁለቱ የምረዳው፣ ልብ የሚስበው ውበትን ከማወደስ ይልቅ ሥራዋን ማየታችን መሆኑን ነው። «እንኳን ደስ አለሽ ቆንጆ» ብሎ የጻፈ ሰው ባትመረቅም ያንኑ ይጽፍ ነበር፤ እሷም ይህን ታውቃለች።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ያለው ሐረር ከተማ ነው፤ ተማሪዎቹም ሕይወት ፋና ሆስፒታል ውስጥ ይለማመዳሉ። አንድ ወጣት ከዚያ በነርስነት ለተመረቀች፣ በሰላምታና በአልፎ አልፎ ወሬ ለሚያውቃት ልጅ መጻፍ ፈለገ እንበል። መጀመሪያ «እንኳን ደስ አለሽ፣ ጋዋኑ አምሮብሻል» ይላል። ይህ አይከፋም፤ ግን ከመቶ ሰው የምትሰማው ነው። ቀጥሎ «የሕይወቴ ብርሃን፣ ይህን ቀን አብረን እንደምናከብረው አውቅ ነበር» ይላል። ይህ ከባድ ነው፤ ያልሰጠችውን ቦታ ወስዷል፣ ቀኑንም የራሱ አድርጎታል። ሦስተኛው እንዲህ ነው፦ «እንኳን ደስ አለሽ! ሌሊት ተረኛ ሆነሽ አድረሽ ጠዋት ፈተና ትቀመጪ እንደነበር አልረሳሁም። የመጀመሪያዋን ታካሚሽን ታስታውሻታለሽ? ከእንግዲህ ቢያመኝ የት እንደምሄድ አውቄያለሁ፤ ሳያመኝ ብመጣስ?»

የመጨረሻዋን ሐረግ አንሷት፤ የቀረው ሙሉ ነው። የሌሊት ተረኝነቷ የታየ ድካም ነው፣ ጥያቄውም መልስ ያለው ነው። «ሳያመኝ ብመጣስ» የምትለዋ ደግሞ ሰምና ወርቅ ናት። ሰሟ ስለ ሆስፒታል ወረፋ የሚቀልድ ሰው ነው፤ ወርቋ አንቺን ለማየት ሰበብ አልፈልግም የሚል ሰው ነው። ተመራቂዋ የፈለገችውን ትወስዳለች። «ጤነኛ ሰው ወረፋ አይይዝም» ብላ ሳቅ ልታደርገው ትችላለች፤ «ቡና ይዘህ ከመጣህ» ብላም በሩን ልትከፍት ትችላለች። ሐረጓ የተጻፈችው በጥያቄ መልክ መሆኑ ዋና ነገር ነው። «እመጣለሁ» ቢል ኖሮ መውጫ አይኖራትም ነበር።

ሐረር ጨዋ ከተማ ናት፣ ሃይማኖተኛ ናት፤ በጀጎል ጠባብ መንገዶች ሰው ሁሉ ይተዋወቃል፤ እንዲህ ያለ ቃል ነውር ነው የሚል ሰው ይኖራል። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ግን መልሱ ከራሷ ከሐረር ይገኛል። በባህላዊው የሐረሪ ቤት፣ በጌ ጋር፣ ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ምንጣፍ በቤቱ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ መኖሯን ያሳያል ይባላል። ማንም ምንም አይናገርም። እንግዳው ያያል፣ ከፈለገ ይረዳል፤ ካልፈለገ ምንጣፍ አይቶ ይወጣል፣ ማንም አያፍርም። ጨዋነትና ፍላጎት በአንድ ቤት የኖሩት በዚህ ዓይነት ዘዴ ነው። በመልእክት ውስጥ ያለች ጥያቄም እንደዚያ ምንጣፍ ብትሆን ነውር የለባትም። የሚከለክላት ሌላ ነገር ነው፤ ልጅቷ የታጨች ወይም ያገባች ከሆነ፣ ወይም መልእክቱ ሁሉም በሚያየው የቴሌግራም ቡድን ላይ ከተለጠፈ። በቤተ ዘመድ ፊት የተነገረ ቀልድ መውጫውን ይዘጋባታል።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ቀኑ የወላጆቿ ነው የሚለው ነው። እኔም በዚህ እስማማለሁ። በምረቃው ዕለት ስልኳ በመልእክት ይሞላል፤ አበባ ይዘው ፎቶ የሚነሡ እናትና አባት ከጎኗ ናቸው። ስለዚህ በዕለቱ ደስታው ብቻ ይላክ፤ ማሽኮርመሚያዋ ሁለት ሦስት ቀን ቆይታ፣ እሷ መልስ ከሰጠች በኋላ ትምጣ። ሦስተኛው ምሳሌያችን እንኳን በሁለት ተከፍሎ ቢላክ ይሻለዋል። መልሱን ማንበብ ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ወንዶች የወዳጅነትን ፈገግታ እንደ ፍላጎት የመቁጠር ዝንባሌ እንዳላቸው በሥነ ልቦና ጥናቶች ተደጋግሞ ታይቷል። «አመሰግናለሁ» ብቻ ከሆነ መልሱ ያ ነው። ጥያቄ መልሳ ከጠየቀች፣ ቀልዱን ከቀጠለች ወይም ቀን ከጠቀሰች ግን ሌላ ነገር ነው።

የደረጃ እድገት ግን ከምረቃ ይለያል። ያደገችው የሥራ ባልደረባ ከትናንት ወዲያ «አንቺ» ነበረች፣ ዛሬ በስብሰባ «እርስዎ» ልትባል ነው። ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» መመለስ ራሱ ማሽኮርመም ነው፤ እሷ ሳትፈቅድ የሚደረግ አይደለም። ጽሑፉን የሚልከው አለቃዋ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አይሞክረው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል፤ ከአሠሪ ወይም ከሥራ መሪ ትንኮሳ የደረሰባት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን እንድትለቅም ይፈቅዳል። እድገቱን በፈረመ እጅ የተጻፈ ቀልድ፣ እድገቱ በምን እንደተገኘ እንድትጠራጠር ያደርጋታል። ለእንዲህ ዓይነት ሰው «እንኳን ደስ አለሽ» ብቻ ይበቃል፤ ከዚያ ስልኩን ያስቀምጠው።