ዳሽቦርዱን በሁለት ደቂቃ

ጥያቄ፦ ወረታ የምሠራ የግብርና ባለሙያ ነኝ። በፎገራ ወረዳ የሩዝ ዘር ሽፋንን በቀበሌ የሚያሳይ አዲስ ዳሽቦርድ አዘጋጅተናል። ዋና ዋና ግኝቶቹን ለቡድኑ በአጭሩ እንዴት ላቅርብ?

መልስ፦ ገጾቹን አንድ በአንድ አያስጎብኙ፤ ውሳኔ ከሚፈልገው ግኝት ይጀምሩ። ቁጥሮቹን በራስዎ ተክተው እንዲህ ይበሉ፦

«ሪፖርት ከላኩት 20 ቀበሌዎች 14ቱ የዘር ዕቅዳቸውን አሳክተዋል። 6ቱ ወደ ኋላ ቀርተዋል፤ ካርታው ላይ በቀይ ይታያሉ፣ 4ቱም ርብ ወንዝ ዳር ናቸው። ግራጫዎቹ 5 ቀበሌዎች ገና አልላኩም። ዛሬ የምንወስነው ወደ አራቱ ማን፣ መቼ እንደሚሄድ ነው።»

ስለ ግራጫዎቹ የሚናገሩትን ዓረፍተ ነገር በፍጹም አይዝለሉ። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙ መንገድ ይቋረጣል፤ ሪፖርትም ይዘገያል። ዳሽቦርዱ ባዶውን እንደ ዜሮ ከቆጠረ የወረዳው ሽፋን ያለ አግባብ ዝቅ ይላል። ይህን ለማወቅ ከስብሰባው በፊት ካልላኩት አንዱን ቀበሌ ይክፈቱ፤ «0 ሄክታር» ካለ ስሌቱ ይታረም።

ካርታው የዘገየው የት እንደሆነ እንጂ ለምን እንደሆነ አይነግርም። የልማት ጣቢያ ሠራተኞቹ ሳያረጋግጡ «ጎርፍ ነው» አይበሉ።