ሲመቱት የሚጠጥር፣ ሲቀቡት የሚቀጥን

ባለፈው ሰሞን አንድ እጩ መምህር በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለ የበቆሎ ዱቄት በውኃ በጥብጦ «ይህ ፈሳሽ ሲመታ ይጠጥራል» አለና በቡጢ መታው። ሊጡ ተፈናጥሮ ፊቱን ሞላው፤ ልጆቹም ሳቁ። ሐሳቡ ልክ ነበር፤ ጥፋቱ የዱቄቱ ነው። የወፍጮ ቤት ዱቄት ገለባና ሌላም ነገር አለበት፣ ቅንጣቱም ሻካራ ነው። የሚያስፈልገው ከሱቅ የሚገዛው ነጭ የበቆሎ ስታርች ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ስኒ ውኃ በሳህን አድርጉና ሁለት ስኒ ያህል ስታርች ጥቂት በጥቂት እየነሰነሳችሁ በጣት ቀስ ብላችሁ አማስሉ፤ ከተቻኮላችሁ እምቢ ይላል። ጣት ቀስ ብሎ ሲገባ ከሰጠመ፣ ድንገት ሲወጋው ግን ከመለሰው ደርሷል ማለት ነው። እንደ ወተት ከቀጠነ ስታርች ጨምሩ። ቆይቶ ከሆነ ስታርቹ ከሥር ስለሚዘቅጥ ክፍል ከመግባታችሁ በፊት ከታች አንሥታችሁ አማስሉት። እሳት ላይ ግን አይጣድ፤ ቅንጣቶቹ ውኃ ጠጥተው ያብጡና ነገሩ ተራ ሙቅ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ምክንያቱን እንይ። ውኃን በእጥፍ ፍጥነት ብናንሸራትተው የሚቋቋመን በእጥፍ ነው፤ ዝልግልግነቱ ራሱ አይለወጥም። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፉ የገመተው ይህንኑ ነበር። ስታርቹ ግን ከዚህ ደንብ ይወጣል። ቅንጣቶቹ በቀዝቃዛ ውኃ አይሟሙም፤ እጅግ ተጠጋግተው ይንሳፈፋሉ፣ በመካከላቸውም ስስ ውኃ እንደ ቅባት ያገለግላል። ቀስ ብለን ስንገፋቸው ይተላለፋሉ። ድንገት ስንመታቸው ውኃው ከመካከል ይገፋና ቅንጣት ከቅንጣት ይፋተጋል፤ በጠባብ በር ሁሉም ልውጣ ብሎ እንደተጣበቀ ሕዝብ ማለት ነው። ማንኪያ በፍጥነት ጎትቱበትና ፊቱን ተመልከቱ፤ ይደበዝዛል፣ ይሰነጠቃል፣ ወዲያው ደግሞ አብረቅርቆ ይፈሳል። ቅንጣቶቹ ለመተላለፍ ሲሉ ስለሚራራቁ የላዩን ውኃ ወደ ውስጥ ይስቡታል፤ ድብዘዛው ከዚያ ነው።

የግድግዳ ቀለም ደግሞ ተቃራኒ ነው። በውስጡ ያሉት ረጃጅም ሞለኪዩሎችና የቀለም ብናኞች ዝም ሲሉ እርስ በርስ ይያያዛሉ። ብሩሹ ሲያልፍ ግን መያያዙ ይፈታል፣ ሞለኪዩሎቹም ወደ ብሩሹ አቅጣጫ ይሰለፋሉ። እስቲ እናስላው፦ እጃችን በሰከንድ 500 ሚሊሜትር ቢሄድና የቀለሙ ንጣፍ ግማሽ ሚሊሜትር ቢሆን፣ 500 ለ0.5 ሲካፈል 1000 ይሆናል። ብሩሹ ከተነሣ በኋላ ቀለሙ በራሱ ክብደት በሰከንድ አንድ ሚሊሜትር ቢንሸራተት ግን ያው ስሌት 2 ብቻ ይሰጣል። ለዚህ ነው በብሩሽ ሥር ቀጥኖ የተዘረጋው ቀለም ግድግዳው ላይ መልሶ የሚወፍረው። ቶሎ ከወፈረ የብሩሹ ፈለግ ይቀራል፤ ከዘገየ ደግሞ ይንጠባጠባል። ሥራ እንዲቀለው ብሎ ውኃ ያበዛበት ቀለም ቀቢ የሚያየውም ይህንኑ ነው፤ መያያዣው ስለሳሳ ቀለሙ ብሩሹ ካለፈም በኋላ መፍሰሱን አያቆምም።