ካፕሽኑም ይደንስ!

የጎዳና ዳንስ ቀርጻችኋል። ቪዲዮው 12 ሰከንድ ነው። ልጁ አስፋልት ዳር ቆሞ በእግሩ ይጫወታል፣ ወደ መሬት ይወርዳል፣ በመጨረሻም በአንድ እጁ ተደግፎ እግሩን ወደ ላይ እንደሰቀለ ቀጥ ይላል። የቀረው ካፕሽኑ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንደ ዜና መጻፍ ይቀናናል፦ «በከተማችን ጎዳና ላይ አንድ ወጣት አስደናቂ የዳንስ ችሎታውን ሲያሳይ የሚያሳይ ቪዲዮ»። ልጁ ይፈጥናል፣ ጽሑፉ ያዘግማል። ተመልካቹ አንብቦ ቀና ሲል ልጁ መሬት ወርዷል፤ ያነበበውም ሳይነገረው የሚያየውን ነው።

ወዳጆቼ፣ ከመጻፋችሁ በፊት ቁጠሩ! ቪዲዮውን ክፈቱና ከሙዚቃው ጋር በጣታችሁ ጠረጴዛ ምቱ። ዳንሰኞች እንደሚያደርጉት ከአንድ እስከ ስምንት ቆጥራችሁ እንደገና ከአንድ ጀምሩ። ሙዚቃው በደቂቃ 120 ምት አለው እንበል። በሰከንድ ሁለት ምት ነው፤ አንዱ ስምንት 4 ሰከንድ ይወስዳል፣ ቪዲዮው በሙሉ ሦስት ስምንት ይሆናል። በመጀመሪያው ስምንት ልጁ ቆሞ ይደንሳል፤ ብሬክ ዳንሰኞች ቶፕሮክ ይሉታል። በሁለተኛው በእጁ ተደግፎ እግሩን መሬት ላይ ያሽከረክራል፤ ይህ ፉትወርክ ነው። ሦስተኛው በፍሪዝ ያልቃል፤ ሰውነቱ በድንገት ደርቆ ይቆማል።

ካፕሽኑንም እንዲሁ ሦስት አድርጉት። አማርኛችን ለዚህ የታደለ ነው። «ዞር አለ»፣ «ዝቅ አለ»፣ «ቀጥ አለ» እንል የለ? «አለ»ን ጣሉት፤ የቀረው ቃል ራሱ ምት ይሆናል፦

«ወዲህ ዞር፣ ወዲያ ዞር።
ዝቅ! እግሩ መሬቱን ጠረገው።
ከዚያማ... ቀጥ!»

ሁለተኛው መስመር አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር የያዘው ፉትወርኩ ስለማያቋርጥ ነው። ከ«ቀጥ» በኋላ ግን ምንም አትጨምሩ። «ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ጉድ እኮ ነው» ካላችሁ ልጁ ቆሞ ጽሑፋችሁ መሮጡን ቀጠለ ማለት ነው።

ያቺ ከ«ቀጥ» በፊት ያለች ፋታም ከዳንሱ የመጣች ናት። እ.ኤ.አ. በ1973 በኒውዮርክ ብሮንክስ ድግስ ላይ ያጫውት የነበረው ዲጄ ኩል ኸርክ፣ ጨፋሪዎች ከዘፈኑ ውስጥ ከበሮው ብቻውን የሚቀርበትን ክፍል እንደሚጠብቁ አስተዋለ። ያንን አጭር ክፍል በሁለት ሸክላ እያፈራረቀ አስረዘመላቸው። ብሬክ ዳንስ የበቀለው ከዚያ ጥበቃ ነው። ካፕሽናችሁም ተመልካቹን ትንሽ ያስጠብቀው።

ዳንሱ ዝግ ያለ ከሆነስ? በፖፒንግ እንቅስቃሴው እንደ ማዕበል ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ቁርጥ ቁርጥ ያለ ቃል ያደናቅፈዋል። ያኔ ግሡን እስከ መጨረሻ አቆዩት፦ «ከጣቱ ጫፍ ተነሥቶ፣ ክንዱን አልፎ፣ ትከሻውን ተሻግሮ፣ በሌላው እጁ ፈሰሰ።» አንባቢው ከማዕበሉ ጋር ሄዶ «ፈሰሰ» ላይ ያርፋል።

ቦታውም ወሳኝ ነው። ጽሑፉ ቪዲዮው ላይ የሚወጣ ከሆነ ከላይ አድርጉት። ታች ካስቀመጣችሁት እግሩን ይሸፍናል፤ በፉትወርክ ጊዜ ደግሞ የሚታየው እግር ነው። በዚያ ላይ ቲክቶክም ሆነ ሪልስ ስምና ካፕሽን የሚያሳዩት ከታች ስለሆነ ጽሑፍ በጽሑፍ ላይ ይደራረባል። ቪዲዮው ላይ የሚወጣውን እያንዳንዱን መስመር በየስምንቱ መጀመሪያ ልታወጡት፣ «ቀጥ!» የምትለዋንም ከፍሪዙ ጋር ልታገጥሟት ትችላላችሁ። ከሥር የሚጻፈውን ግን ተመልካቹ በራሱ ፍጥነት ነው የሚያነበው፤ ከረዘመ ደግሞ ይታጠፍና ቀሪው ሳይነበብ ይቀራል። ስለዚህ ከሥር የምትጽፉትን አሳጥሩት፤ ዓይን ለፍሪዙ ነጻ ሆኖ ይድረስ። የዳንሰኛውንና የሙዚቃውን ስም ግን አትርሱ፤ ከምቱ በኋላ በራሳቸው መስመር ይግቡ።

በመጨረሻ ፈትኑት። ድምፁን አጥፍታችሁ ቪዲዮውን አስጀምሩና ካፕሽኑን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ፍሪዙ ሲመጣ አፋችሁ ገና እያነበበ ከሆነ ረዝሟል። ከዚያ ቪዲዮውን ላላየ ጓደኛ አሳዩትና «መጨረሻ ላይ በየትኛው እጁ ነው የቆመው?» በሉት። ካላወቀ ዓይኑ ጽሑፉ ላይ ነበርና አንድ ቃል ቀንሱ፤ ለሌላ ሰውም አሳይታችሁ ጠይቁ።

ስልካችሁ ውስጥ ካፕሽን አጥቶ የተቀመጠ የዳንስ ቪዲዮ አይጠፋም። ዛሬ ማታ አውጡት፣ ስምንቱን ቁጠሩ፣ ሦስት መስመር ጻፉ። ልጁ ለዚያች ፍሪዝ ብዙ ወድቆ ተነሥቷል፤ የእናንተም ቃል በሰዓቱ ይድረስለት!