«እስከ 20,000 ብር» ሲባል 20,000 ራሱ የት ነው?

የምንፈትነው ፎርም

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ገበሬው ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር የሚበደረው ክረምቱ ሲገባ ነው፤ የሚከፍለው ደግሞ በቆሎው ወይም በርበሬው ሲሸጥ። በክልሉ ለገጠሩ ሲያበድሩ ከኖሩት ተቋማት አንዱ አብቁተ፣ የዛሬው ጸደይ ባንክ ነው። እዚህ የማነሳው ፎርም ግን የየትኛውም ተቋም አይደለም፤ ደንቡንም ሆነ ቁጥሮቹን ለልምምድ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ።

ፎርሙ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ የብድሩን መጠን፣ የተወሰደበትን ቀንና የሚመለስበትን ቀን። መጠኑ ከ2,000 ብር ማነስ ከ50,000 ብር መብለጥ አይችልም። ወለዱ እስከ 20,000 ብር በዓመት 18 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 15 በመቶ ሲሆን በቀን ተቆጥሮ ለ365 ይካፈላል።

ምድብ ማውጣት

ከ2,000 እስከ 50,000 ያለውን ቁጥር ሁሉ እያስገባን ልንፈትን አንችልም፤ አያስፈልግምም። ፕሮግራሙ 7,000ን እና 12,000ን የሚያስተናግደው በአንድ ዓይነት መንገድ ከሆነ፣ ሁለቱ የአንድ ምድብ አባላት ናቸው፤ አንዱን መሞከር ስለ ሌላውም ይነግረናል። በዚህ ፎርም መጠኑ አራት ምድብ አለው፦ ከ2,000 በታች፣ የ18 በመቶው፣ የ15 በመቶው፣ ከ50,000 በላይ። መሐል ያሉት ሁለቱ ተቀባይነት ያላቸው ናቸው፤ ዳርና ዳር ያሉትን ፎርሙ መመለስ አለበት።

ተማሪዎች ደጋግመው የሚስቱት አንድ ነገር አለ። ጊዜ ለመቆጠብ ብለው 1,500 ብር ያስገቡና የመመለሻውን ቀን ደግሞ ከመበደሪያው ቀን በፊት ያደርጉታል። ፎርሙ መጠኑን አይቶ «አነስተኛው 2,000 ብር ነው» ይልና ያቆማል። ቀኑን ይፈትሽ አይፈትሽ አላወቅንም፤ ፈተናው ግን «አለፈ» ተብሎ ተመዘገበ። ስለዚህ በአንድ ፈተና ውስጥ አንድ ስሕተት ብቻ ይግባ፤ ሌላው ሁሉ ትክክል ይሁን።

ድንበሩ ላይ

ጎረቤታሞች የሚጣሉት በእርሻው መሐል ሳይሆን በድንበሩ ነው። ፕሮግራምም እንዲሁ ነው። ይህን ተመልከቱ፦

```
if (amount < 20000) rate = 18;
else rate = 15;
```

10,000 ብታስገቡ 18፣ 35,000 ብታስገቡ 15 ይሰጣችኋል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። 20,000 ስታስገቡ ግን 15 ይወጣል፤ ደንቡ ደግሞ 18 ይላል። ጸሐፊው `<=` ማለት ሲገባው `<` ብሏል። ለ146 ቀን ሲሰላ ትክክለኛው ወለድ 1,440 ብር ነው፤ ፎርሙ የሚያሳየው 1,200 ብር ነው። ይህን 240 ብር የሚያጋልጠው 20,000 ራሱን ማስገባት ብቻ ነው።

ስለዚህ ለመጠኑ የምንሞክራቸው ቁጥሮች 1,999 እና 2,000፣ 20,000 እና 20,001፣ 50,000 እና 50,001 ናቸው። ፎርሙ ሳንቲም የሚቀበል ከሆነ የ20,000 ጎረቤት 20,001 ሳይሆን 20,000.01 ነው።

20,001 ሌላም ጉድ ያወጣል። ለዚያው 146 ቀን 15 በመቶው በሙሉ ብድሩ ላይ ከታሰበ ወለዱ 1,200.06 ብር ይሆናል፤ አንድ ብር ጨምሮ የተበደረ ሰው ወለዱ በ239.94 ብር ቀነሰለት ማለት ነው። 15 በመቶው ከ20,000 በላይ ላለችው አንድ ብር ብቻ ከሆነ ግን ወለዱ 1,440.06 ነው። የቱ ነው ትክክሉ? ደንቡ አይናገርም። እዚህ ላይ ፈታኙ ገምቶ ማለፍ የለበትም፤ ደንቡን ያወጣውን ክፍል ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ ይያዝ።

ጳጉሜ

የክረምት ብድር ጳጉሜን ተሻግሮ ነው የሚከፈለው፤ ስለዚህ ለኛ አገር ፎርም ትልቁ የቀን ድንበር እሷ ናት። ሰኔ 15 ቀን 2015 ተወስዶ መስከረም 15 ቀን 2016 የሚመለስ 20,000 ብር እንውሰድ። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ወር 30 ብሎ ብቻ ከቆጠረ 90 ቀን ያገኛል፤ ወለዱም 887.67 ብር ይሆናል። የ2015 ጳጉሜ ግን 6 ቀን ነበረች፤ ትክክለኛው 96 ቀን፣ ወለዱም 946.85 ብር ነው። ያንኑ ብድር አንድ ዓመት ወደፊት ብንገፋው፣ የ2016 ጳጉሜ 5 ቀን ስለሆነች 95 ቀንና 936.99 ብር ይወጣል።

ከዚህ ሦስት የቀን ምድብ እናገኛለን፦ ጳጉሜን የማይነካ፣ 5 ቀን ያላትን የሚሻገር፣ 6 ቀን ያላትን የሚሻገር። ድንበሩን ለመሞከር ጳጉሜ 6 ቀን 2015ን አስገቡ፤ መቀበል አለበት። ጳጉሜ 6 ቀን 2016ን ስታስገቡ መመለስ አለበት። ፎርሙ ቀኑን መስከረም 1 ቀን 2017 አድርጎ ዝም ብሎ ከመዘገበው፣ ያ ስሕተት ነው፤ መዝግቡት።

ከመጀመራችሁ በፊት

የሚጠበቀውን ወለድ ፎርሙን ሳትከፍቱ በወረቀት አስልታችሁ ጻፉ። ስክሪኑ ላይ የወጣውን ቁጥር ካያችሁ በኋላ የሚሠራ ስሌት ያንኑ ቁጥር ወደ ማጽደቅ ያዘነብላል።