የሆቴል ሒሳብ በሌሊት እንዴት ይዘጋል?

ሆቴል እንደ ሱቅ ማታ በሩን ስለማይዘጋ፣ የዛሬው ሒሳብ ከነገው ጋራ እንዳይደባለቅ አንድ ሰው ሌሊት ተቀምጦ ቀኑን መለየት አለበት። እኔም በክረምት ዕረፍት 20 ክፍሎች ባሉት አነስተኛ ሆቴል የዚህ ሥራ ረዳት ሆኜ ስለ ነበር፣ አሠራሩን በአንድ ምሳሌ ለማስረዳት እወዳለሁ።

በመጀመሪያ የእንግዳ መቀበያው መዝገብ፣ ክፍል አጽጂዎች ማታ ከሰጡት ዝርዝር ጋራ ይመሳከራል። አጽጂዎቹ በ12 ክፍሎች ሰው አለ ሲሉ መዝገቡ 11 ብቻ ያሳየ እንደሆነ፣ አንዱ ክፍል ኪራይ ሳይጻፍበት ሊያድር ነው። ይህ ከተጣራ በኋላ የእያንዳንዱ ክፍል ኪራይ በእንግዳው የሒሳብ ካርድ ላይ ይጻፋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ስሌት ነው። ትናንት ሒሳብ ሲዘጋ እንግዶቹ የነበረባቸው ዕዳ 18,400 ብር ነው እንበል። የዛሬው ኪራይ 14,400 ብር፣ የምግብና የልብስ እጥበት 2,650 ብር ይደመርበታል። በደረሰኝ የተቀበልነው 11,530 ብር ሲቀነስ 23,920 ብር ይቀራል። በእንግዶቹ ካርዶች ላይ ያለው ቀሪ አንድ በአንድ ሲደመርም ይህንኑ መስጠት አለበት።

ነገር ግን ካርዶቹ ተደምረው 24,100 ብር ሆኑ። ልዩነቱ 180 ብር ነው። በዚህ ጊዜ ሁሉን እንደ ገና ከመደመር በፊት ልዩነቱን ለ9 ማካፈል ይጠቅማል። ያለ ትርፍ ከተካፈለ፣ ምናልባት ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠዋል። አኃዝ አንድ ቦታ ወደ ግራ ሲሄድ ዋጋው 10 እጥፍ ስለሚሆን፣ እንዲህ ያለው ስሕተት ዘወትር የ9 ብዜት ነው። 180 ለ9 ሲካፈል 20 ይደርሳል፤ ስለዚህ የደረሰኞቹን ጉርድ ከካርዶቹ ጋራ አስተያየን። በአንዱ ጉርድ ላይ 1,530 ብር ተጽፎ ሳለ በካርዱ ላይ 1,350 ሆኖ ተገኘ። ሳይታረም ቢቀር፣ ያ እንግዳ በማለዳ ሲሄድ የከፈለውን 180 ብር ሁለተኛ ይጠየቅ ነበር።

ይሁን እንጂ ድምሩ እኩል መሆኑ ብቻውን አያስተማምንም። የ7 ቁጥር ክፍል የልብስ እጥበት በ8 ቁጥር ካርድ ላይ ቢጻፍ፣ ጠቅላላው ድምር ምንም አይለወጥም። ኮምፒዩተርም ቢሆን ድምሩን ያወጣል እንጂ ይህን ከራሱ አያውቅም። ይህ የሚታወቀው እንግዳው የፈረመበትን ወረቀት ከካርዱ ጋራ አንድ በአንድ በማስተያየት ብቻ ነው። ሁሉም ከተስማማ በኋላ የዛሬው ቀሪ ለነገው መነሻ ሆኖ ይጻፍና ቀኑ ይዘጋል።