የሥራውን ሰብስክሪፕሽን ከቤቱ መለየት፦ ለስኬጁል ሲ የሚሆን አሠራር

በአሜሪካ በግሉ የሚሠራ ቪዲዮ አንሺ፣ ተርጓሚ ወይም ዲዛይነር ከካርዱ በየወሩ የሚቆረጡት ክፍያዎች ተደባልቀው ነው የሚመጡት። አዶቢ፣ ኔትፍሊክስ፣ የፎቶ ማከማቻ፣ ዙም፣ ስልክ፣ ኢንተርኔት። ኤፕሪል 15 ሲቃረብ የትኛው ለሥራ እንደነበር ለማስታወስ መሞከር አድካሚ ነው። ብዙዎች ወይ ሁሉንም ይተዉታል፣ ወይ ሁሉንም ያስገቡታል። የመጀመሪያው አላስፈላጊ ግብር ያስከፍላል፤ ሁለተኛው አይአርኤስ ማስረጃ በጠየቀ ቀን መልስ ያሳጣል፤ ወጪውን የማስረዳት ግዴታ ያለበት ግብር ከፋዩ ነውና።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ይለዩ። ይህ አሠራር የሚያገለግለው በግልዎ ሠርተው ላገኙት፣ በስኬጁል ሲ ለሚያሳውቁት ገቢ ብቻ ነው። ቀን ቀን ተቀጥረው እየሠሩ ደብሊው-2 የሚቀበሉ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሠርግ የሚያነሱ ከሆነ፣ ለቀን ሥራዎ ብለው ከኪስዎ የከፈሉት ሰብስክሪፕሽን እዚህ አይገባም። የተቀጣሪ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ወጪ ከ2018 ጀምሮ በፌዴራል ግብር ላይ አይቀነስም።

መጀመሪያ ያለፉትን 12 ወራት የባንክና የክሬዲት ካርድ መግለጫ ያውጡና ተደጋግሞ የሚቆረጠውን ሁሉ ይጻፉ። ሦስት ወር ብቻ ካዩ በዓመት አንዴ የሚታደሱት፣ ለምሳሌ የድረ ገጽ ስም ክፍያ፣ ያመልጡዎታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናቀፈው በመግለጫው ላይ APPLE.COM/BILL ተብሎ በሚመጣው መስመር ነው። አፕል ብዙ ክፍያዎችን አንድ ላይ አድርጎ ሊቆርጥ ስለሚችል፣ የ22 ዶላር መስመር በውስጡ የቪዲዮ ማቀናበሪያ፣ የልጆች ጨዋታና የፎቶ ማከማቻ ሊይዝ ይችላል። ከባንኩ መግለጫ ይህን ማወቅ አይቻልም። በኢሜይል የመጣውን የአፕል ደረሰኝ ይክፈቱ፤ ከጠፋብዎ reportaproblem.apple.com ላይ ገብተው የግዢ ዝርዝሩን ይመልከቱ።

ቀጥሎ ለሥራ ብቻ የሚውል አንድ ካርድ ይመድቡ። ብቻውን የሚሠራ ሰው ካርዱ ላይ የድርጅት ስም እንዲጻፍ አይገደድም፤ በስምዎ የወጣ ሁለተኛ ክሬዲት ካርድም ይበቃል፣ ከሥራ ውጪ ምንም ካልተገዛበት። ከዚያ እያንዳንዱን የሥራ ሰብስክሪፕሽን ገብተው የክፍያ ካርዱን ይቀይሩ። በስልክ መተግበሪያ መደብር በኩል የተገዛው ግን በዚህ አይለይም፤ የመደብሩን ካርድ ሲቀይሩ የልጆቹም ጨዋታ አብሮ ወደ ሥራው ካርድ ይሄዳል። መፍትሔው ያንን ሰብስክሪፕሽን ከመደብሩ መሰረዝና በሠሪው ድርጅት ድረ ገጽ ላይ፣ በሥራ ኢሜይልዎ፣ እንደገና መግዛት ነው። ስሙን የያዘ የራሱ ደረሰኝ የሚያገኙትም በዚህ መንገድ ነው።

አሁን ዝርዝሩን በሦስት ይክፈሉት፦ ሙሉ በሙሉ የሥራ፣ ሙሉ በሙሉ የቤት፣ የጋራ። ሕጉ የሚጠይቀው ወጪው በሙያው የተለመደና ለሥራው የሚረዳ እንዲሆን ነው። ለቪዲዮ አንሺ የማቀናበሪያ ፕሮግራምና ለሠርግ ቪዲዮ ፈቃድ ያለው የሙዚቃ አገልግሎት ያለ ክርክር የሥራ ናቸው። ኔትፍሊክስን «ሐሳብ አገኝበታለሁ» ብሎ ማስገባት ግን አያስኬድም፤ የቤት መዝናኛ ነው። የጂም አባልነትም እንዲሁ። ስፖቲፋይን በተመለከተ ጉዳዩ ከግብርም ያልፋል፤ የግል አገልግሎቱ ሙዚቃውን በደንበኛ ቪዲዮ ላይ ለማስገባት ፈቃድ ስለማይሰጥ የሥራ መሣሪያ ሊባል አይችልም።

ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የጋራው ነው። እንበል ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር የሠርግ ቪዲዮ አንሺ በወር 10 ዶላር የ2 ቴራባይት ማከማቻ ትከፍላለች። የቤተሰብ ፎቶውም የደንበኞች ቪዲዮም እዚያው ነው። ማከማቻዋን ከፍታ ስታይ 1,600 ጊጋባይት ተይዟል፤ ከዚህ ውስጥ «ደንበኞች» የሚለው ማኅደር 1,200 ነው። 1,200ን ለ1,600 ስናካፍል 75 በመቶ፤ ስለዚህ ከዓመቱ 120 ዶላር 90ው የሥራ ወጪ ነው። ይህን የሚያሳየውን ገጽ በየሦስት ወሩ ፎቶ አንስታ ታስቀምጣለች፤ ድርሻው ከተለወጠ ስሌቱም ይለወጣል። ለስልክና ለኢንተርኔት የሚለካ ጊጋባይት ስለማያገኙ፣ የተለመዱ ሁለት ሳምንታት መርጠው ለሥራ የዋለውን ሰዓት ይመዝግቡና ከጠቅላላው ጋር ያነጻጽሩ። ቤተሰቡ በአንድ ፕላን አራት ስልክ ካለው፣ መነሻው የራስዎ መስመር ዋጋ ነው እንጂ ጠቅላላው ክፍያ አይደለም። ያለ ምንም መዝገብ የተጻፈ 50 በመቶ፣ በተለይ በየዓመቱ ያው ከሆነ፣ ግምት መሆኑ ያስታውቃል።

ውጤቱን በአንድ ሠንጠረዥ ይያዙ። ዓምዶቹ የአገልግሎቱ ስም፣ ለምን ሥራ እንደሚውል በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ የሚታደስበት ቀን፣ የተከፈለው ገንዘብ፣ የሥራ ድርሻውና የሚቀነሰው ናቸው። ክፍያው በዲ፣ ድርሻው በኢ ዓምድ ከሆነ የመጨረሻው ዓምድ ቀመር ይህ ነው፦

```
=D2*E2
```

ከሠንጠረዡ ጎን በዓመቱ የተሰየመ ማኅደር ከፍተው ደረሰኞቹን ያስገቡ። የባንክ መግለጫ መክፈልዎን እንጂ ምን እንደገዙ አያሳይምና ደረሰኙ የግድ ነው፤ በስልክ የተነሳ ፎቶ ወይም ፒዲኤፍ ይበቃል። ግብሩን ካሳወቁ በኋላ ባብዛኛው ሦስት ዓመት ማቆየት ያስፈልጋል።

ታክስ ሲሠራ የማስታወቂያ ክፍያዎች በስኬጁል ሲ መስመር 8፣ የኢንተርኔቱ የሥራ ድርሻ መስመር 25 ላይ ይገባሉ፤ ሶፍትዌሮቹን ብዙዎች በክፍል 5፣ «ሌሎች ወጪዎች» በሚለው ስር በስም ይዘረዝሯቸዋል። ከዓመት ዓመት ቦታውን ባይቀያይሩ ይሻላል። የሚቀነሰው ከገቢው ነው እንጂ ከግብሩ አይደለም። በ12 በመቶ የገቢ ግብር እርከን ላለ ፍሪላንሰር፣ የራስ ሥራ ግብሩ ሲታከልበት፣ 100 ዶላር ወጪ ከፌዴራል ግብር 20 ዶላር ትንሽ ዘለል ያለ ያስቀራል። የማይፈልጉትን ፕሮግራም «ታክስ ይቀንስልኛል» ብሎ ማደስ ስለዚህ ኪሳራ ነው።

የዓመት ክፍያ ላይ ቀኑን ይጠንቀቁ። ገንዘቡ በወጣበት ቀን የሚመዘግብ ሰው ኖቬምበር 2025 ላይ እስከ ኦክቶበር 2026 የሚያገለግል ሰብስክሪፕሽን ቢገዛ፣ ከ12 ወር ስለማያልፍ ሙሉውን በ2025 መቀነስ ይችላል። ርካሽ ነው ተብሎ የሦስት ዓመት የድረ ገጽ ማስተናገጃ አንድ ላይ ከተከፈለ ግን ይበታተናል። ጁላይ 1፣ 2025 የተከፈለ 360 ዶላር በ2025 የሚቀነሰው 60 ብቻ ነው፤ በ2026ና በ2027 በየዓመቱ 120፣ በ2028 ቀሪው 60።

አንድን አገልግሎት ከመሰረዝዎ በፊት የክፍያ ገጹን ከፍተው የዓመቱን ደረሰኞች በሙሉ ያውርዱ። አካውንቱ ከተዘጋ በኋላ መግባት ላይቻል ይችላል። ተመላሽ ገንዘብ ከመጣም በሠንጠረዡ ላይ ከዚያው አገልግሎት ወጪ ላይ ይቀንሱት።