የቀብር ሥርዓቶችን እንዴት እናነጻጽር?

ለላይኛው ክፍል ተማሪዎች የተዘጋጀ ትምህርት

“የሁለት ሃይማኖቶችን የቀብር ሥርዓት አነጻጽሩ” የሚል የቤት ሥራ ሲሰጥ፣ ብዙ ተማሪዎች በመጀመሪያው ገጽ ስለ አንዱ ሃይማኖት፣ በሁለተኛው ገጽ ስለ ሌላው ይጽፋሉ። መጨረሻ ላይም “ሁለቱ የሚመሳሰሉበትም የሚለያዩበትም ነገር አላቸው” ብለው ይዘጋሉ። ይህ ሁለት ገለጻ ጎን ለጎን ማስቀመጥ እንጂ ንጽጽር አይደለም። ንጽጽር የሚባለው ሁለቱም ሥርዓቶች ለአንድ ጥያቄ መልስ ሲሰጡ ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው የጥያቄዎች ማዕቀፍ ነው።

ለዚህ ሥራ የሚመች አንድ የቆየ ማዕቀፍ አለ። አርኖልድ ቫን ጄኔፕ የተባለ ምሁር በ1909 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይኛ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰውን ከአንድ የሕይወት ደረጃ ወደ ሌላው የሚያሻግሩ ሥርዓቶች ሦስት ምዕራፍ እንዳላቸው አሳየ። የመጀመሪያው መለየት ነው፤ ሰውየው ከነበረበት ቦታ ይወጣል። ሁለተኛው መሸጋገር ነው፤ የቀድሞውን ትቷል፣ ወደ አዲሱ ግን ገና አልገባም። ሦስተኛው መቀላቀል ነው፤ በአዲሱ ቦታ ይታወቃል። ቫን ጄኔፕ ስለ ቀብር አንድ ያልተጠበቀ ነገር አስተውሏል። ሞት መለየት ስለሆነ የመለየቱ ሥርዓት ጎልቶ እንደሚታይ እንገምታለን። እርሱ ግን በብዙ ሕዝቦች ዘንድ የመለየቱ ሥርዓት አጭርና ቀላል፣ የመሸጋገሪያው ጊዜ ግን ረጅምና ውስብስብ ሆኖ አገኘው።

በቀብር ላይ ሌላም ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል፤ የሚሸጋገሩት ሁለት ወገኖች ናቸው። አንደኛው ሟቹ ነው፣ ሁለተኛው ሐዘንተኛው። ሟቹ ከሕያዋን ተለይቶ ይሄዳል፤ ሐዘንተኛው ደግሞ ከዕለት ኑሮው ወጥቶ ይቆይና ይመለሳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ወገን ሦስቱን ምዕራፎች ስንጠይቅ ስድስት ጥያቄዎች ይኖሩናል። ደብተራችሁ ላይ ሰንጠረዥ ሥሩ። ስድስቱን ጥያቄዎች ወደ ታች፣ የምታነጻጽሯቸውን ሁለት ሥርዓቶች ወደ ጎን አስቀምጡ። ባዶ የቀረ ሳጥን ቢኖር በግምት አትሙሉት። አንዳንድ ጊዜ ዋናው ግኝት የሚገኘው ከባዶው ሳጥን ነው።

አሁን በአካባቢያችን በምናውቃቸው ሁለት ሥርዓቶች፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶና በእስልምና፣ እንሞክረው።

ከሟቹ መለየት እንጀምር። በኦርቶዶክስ ሥርዓት አስከሬኑ ይታጠባል፣ በነጭ ልብስ ይገነዛል፣ ጸሎተ ፍትሐት ይደረግለታል፣ ከዚያም ይቀበራል። በእስልምናም አስከሬኑ ይታጠባል፣ በነጭ ከፈን ይጠቀለላል፣ የጀናዛ ሶላት ይሰገድበታል፤ ሶላቱ ሩኩዕና ሱጁድ የለውም፣ በቁም ይፈጸማል። ሟቹ በቀኝ ጎኑ ሆኖ ፊቱ ወደ ቂብላ እንዲዞር ተደርጎ ይቀበራል። በሁለቱም ዘንድ ቀብሩ አይዘገይም። በዚህ ምዕራፍ የምናገኘው ብዙ መመሳሰል ነው።

ልዩነቱ የሚታየው ቀጥሎ ባለው ምዕራፍ ነው። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ከቀብሩ በኋላ ለሟቹ የተወሰኑ የጸሎት ቀኖች አሉ፤ ሣልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። የሟቹ ጉዞ በቀን መቁጠሪያ ይታወቃል፤ ሕያዋንም በጸሎትና በተዝካር ይከተሉታል። በእስልምና ደግሞ በሞትና በትንሣኤ መካከል ያለው ቆይታ በርዘኽ ይባላል። ለሟቹ ዱዓ ማድረግና ሰደቃ መስጠት ይቻላል፤ ነገር ግን እንደ አርባና ሰማንያ በሃይማኖቱ ሕግ የተደነገጉ ቀኖች የሉም። ሁለቱም የመሸጋገሪያ ጊዜ አላቸው፣ በሥርዓት ከፋፍሎ የሚቆጥረው ግን አንዱ ነው። የቫን ጄኔፕ አስተያየት በመጀመሪያው ላይ በግልጽ ይሠራል፣ በሁለተኛው ላይ በሟቹ በኩል ያን ያህል አይታይም።

ወደ ሐዘንተኛው ስንመጣ ግን ሥዕሉ ይለወጣል። በእስልምና ዘመድ ከሦስት ቀን በላይ ሐዘን እንዳይቀመጥ ተደንግጓል። ባሏ የሞተባት ሴት ግን አራት ወር ከአሥር ቀን ትጠብቃለች፤ ይህም ዒዳ ይባላል። በዚህ ጊዜ አታገባም፣ ከጌጥና ከሽቶ ትርቃለች። ነፍሰ ጡር ከሆነች ጊዜው እስክትወልድ ነው። ዒዳው ሲያበቃ ወደ ተለመደው ኑሮዋ ትመለሳለች፤ መግቢያውም መውጫውም ግልጽ የሆነ የመሸጋገሪያ ጊዜ ነው። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ዘንድ ጥቁር ልብስ የሚለበስበት ጊዜ በአብዛኛው በልማድ የሚወሰን ነው። አንዱ ቤተሰብ በአርባ ይቀይራል፣ ሌላው እስከ ሙት ዓመት ይቆያል።

እንግዲህ አንድ ተማሪ “ክርስቲያኖች ረጅም ጊዜ ያዝናሉ፣ ሙስሊሞች አጭር” ብሎ ቢጽፍ የት ላይ ተሳሳተ? የሟቹን መታሰቢያ ቀኖች ከአንዱ ወስዶ ከሌላው የዘመዶች ሐዘን ጋር አነጻጸረ፤ ማለትም የተለያዩ ሳጥኖችን አጋጨ። በተጨማሪም “ሐዘንተኛ” ሲል ማንን እንደሆነ አልለየም። ባልቴቷን ቢያስብ ኖሮ ዓረፍተ ነገሩን ባልጻፈው ነበር። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ማርክ ከማስቀነሱ በላይ፣ አጠገቡ የተቀመጠውን የክፍል ጓደኛውን “እናንተ ለሙታችሁ አታዝኑም” እንደ ማለት ሊያስቀይም ይችላል።

ሁለተኛው የተለመደ ስህተት የሃይማኖቱን ድንጋጌ ከአካባቢው ልማድ ጋር መቀላቀል ነው። የለቅሶ ድንኳን፣ ንፍሮና ዕድር የቤተ ክርስቲያን ሕግ አይደሉም፤ የማኅበረሰብ ልማድ ናቸው። በብዙ ሰፈር ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ዕድር ይተዳደራሉ። በአንዳንድ ሙስሊም ማኅበረሰቦችም በተወሰኑ ቀኖች ሰደቃ የማብላት ልማድ አለ፤ ይህን የሚቃወሙ ዑለማዎችም አሉ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ያለው ነገር ድንጋጌ ይሁን ልማድ ምልክት አድርጉበት። ድንጋጌን ከድንጋጌ፣ ልማድን ከልማድ ጋር አነጻጽሩ።

ሰንጠረዡ ከተሞላ በኋላ ጽሑፉን በጥያቄ ከፋፍሉት እንጂ በሃይማኖት አትከፋፍሉት። እያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ጥያቄ ይዞ ሁለቱንም ሥርዓቶች ይናገር። ዋናው ሐሳባችሁም “ይመሳሰላሉ፣ ይለያያሉ” ከማለት ይለፍ። ከላይ ካየነው ለምሳሌ ይህን ማለት ይቻላል፦ “ሁለቱ ሥርዓቶች ሟቹን በሚለዩበት መንገድ ይቀራረባሉ፤ የሚለያዩት በመሸጋገሪያው ጊዜ ነው። ኦርቶዶክስ በድንጋጌ የሚቆጥረው በይበልጥ የሟቹን ቀኖች ሲሆን፣ እስልምና የሚቆጥረው የሐዘንተኛውን ነው።” ይህ ሐሳብ ሊፈተን ይችላል፤ አንባቢ ማስረጃ አምጥቶ ሊከራከረው ይችላል።

ማዕቀፉ የማይነግረን ነገርም አለ። ሦስቱ ምዕራፎች መቼና በምን ቅደም ተከተል ምን እንደሚደረግ ያሳያሉ፤ ሰዎቹ ለምን እንደሚያደርጉት ግን አይናገሩም። ያንን ለማወቅ ሥርዓቱን የሚፈጽሙትን ካህናት፣ ሼሆች፣ እናቶችና የዕድር ዳኞች መጠየቅ ያስፈልጋል። በቅርብ ሐዘን ላይ ያለን ቤተሰብ ግን ለትምህርት ብላችሁ አትጠይቁ። ጥያቄያችሁን ሐዘኑ ላለፈላቸው፣ ፈቅደው ለሚያስረዷችሁ አዛውንቶች አቅርቡ፤ የነገሯችሁንም በራሳቸው ቃል መዝግቡ።